ሐረርን በሦስት ፍሬም

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ካሜራና ትራይፖድ ተሸክማችሁ ይህን ዳገት ስለወጣችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለን ማውራትም ይቻል ነበር። ግን የምናወራበት ነገር ከፊታችን ተዘርግቶ ሳለ በስላይድ ማየቱ አልታየኝም።

እስቲ ወደ ሰሜን ተመልከቱ። ያ ጀጎል ነው። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በውስጡ ያቀፈው መሬት 48 ሄክታር ገደማ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚህ ሐኪም ጋራ ላይ የወጣ ቀራጭ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ሾት አንድ ነው። ካሜራውን አግድም ይተክላል፣ ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስገባል፣ ከላይ ትንሽ ሰማይ ይተዋል፣ በቃ። ለቴሌቪዥንና ለዩቲዩብ ቆንጆ ሾት ነው፤ እኔም አነሳዋለሁ።

ከዚያ ደንበኛው ይደውላል። «ያንኑ ለቲክቶክ ቁመታም፣ ለኢንስታግራም ደግሞ ካሬ አድርጋችሁ ላኩልኝ።» ኤዲተሩ መሃሉን ይቆርጣል። የሚተርፈው ጥቂት ጣሪያ፣ ከበላዩ ሰማይ፣ ከበታቹ ቁልቁለት ነው። ግንቡ በግራም በቀኝም ከፍሬም ስለወጣ የምናየው ከተማ የትኛውም ከተማ ሊሆን ይችላል። ምስሉ አልደበዘዘም፣ ቀለሙም አልተበላሸም። የጠፋው ሾቱ የተነሳበት ምክንያት ነው፤ ሐረር በግንብ የታጠረች ከተማ መሆኗ።

ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ለሦስቱም ፍሬም እኩል የሚያምር አንድ ቅንብር በመፈለግ ጊዜ አታጥፉ። መቅጃውን ከመጫናችሁ በፊት የዚህ ሾት ጉዳይ የት እንዳለ ጠይቁ። ጉዳዩ አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰበ ከሆነ አንድ ቀረጻ ለሦስቱም ይበቃል። ጉዳዩ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋው ወርድ ራሱ ከሆነ ግን አንድ ቀረጻ አይበቃም። ወይ ካሜራችሁን አንቀሳቅሳችሁ ወርዱን ወደ ጥልቀት ትለውጡታላችሁ፣ ወይ ሁለት ጊዜ ትቀርጻላችሁ።

ቁጥሩን አንድ ጊዜ እንየውና እንለፈው። አብዛኞቻችን የምንቀርጸው በፎርኬ ነው፤ ወርዱ 3840፣ ቁመቱ 2160 ፒክስል። ከዚህ ሙሉ ቁመቱን ይዘን የስልክ ቁመታም ፍሬም ስንቆርጥ የምናገኘው ወርድ 1215 ፒክስል ነው። ሲሶ እንኳ አይሞላም። ካሬው 2160 ይወስዳል፣ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ቲክቶክም ሆነ ሪልስ የሚፈልገው 1080 በ1920 ስለሆነ ከፎርኬ የተቆረጠው ጥራቱ ይበቃል፣ እንዲያውም ትንሽ ትርፍ አለው። በፉል ኤችዲ የቀረጸ ሰው ግን እጁ ላይ የሚቀረው 607 ፒክስል ብቻ ነው። እሱን ወደ 1080 መለጠጥ ግድ ይሆንበታል፤ ምስሉ ስልክ ላይ ሳይቀር ሲሟሟ ይታያል። ስለዚህ የመጨረሻው ሥራ በፉል ኤችዲ የሚወጣ ቢሆን እንኳ፣ ቁመታም ስሪት ከተጠየቀ ቀረጻው በፎርኬ ይሁን።

መሃል ላይ ያለውን ያንን 1215 ፒክስል ወርድ «እምብርት» እንበለው። ካሬውም ሰፊውም ፍሬም ይዞታልና የሦስቱም የጋራ ቦታ እሱ ነው። ካሜራችሁ የፍሬም ማርከር ካለው አብሩት፤ ከሌለው ፕላስተር ይበቃል። የ7 ኢንች ሞኒተር ወርዱ 155 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከግራም ከቀኝም 53 ሚሊ ሜትር ለክታችሁ ቀጭን ፕላስተር ብትለጥፉ መሃል ላይ የሚቀረው 49 ሚሊ ሜትር እምብርቱ ነው። ለካሬው ከየጎኑ 34 ሚሊ ሜትር ለኩ። እዚያ ታች መኪና ግርግር ያሉት ልብስ ሰፊዎች መቀስ ከማንሳታቸው በፊት በጠመኔ እንደሚያሰምሩት ማለት ነው።

ይህ ችግር ከስልክ ጋር የመጣ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ወደ ሰፊ ስክሪን ሲዞሩ ብዙ ፊልሞች የሚቀረጹት በድሮው፣ ወደ ካሬ በሚጠጋው ፊልም ላይ ነበር። ሲኒማ ቤቱ የሚያሳየው መሃሉን ሰፊ ቁራጭ ብቻ ነው። ያው ፊልም በኋላ ለቴሌቪዥን ሲሄድ ግን ከላይና ከታች የተሸፈነው ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ የካሜራ ባለሙያ ቅንብሩን ለሲኒማው እየሠራ የማይታየውንም ክፍል ከማይክና ከመብራት ያጸዳው ነበር። ያልተጠነቀቀው ፊልም ቴሌቪዥን ላይ ከተዋናዩ ራስ በላይ የተንጠለጠለ ማይክ እያሳየ ተላለፈ። የእኛ ችግር የዚያ ተገላቢጦሽ ነው። እነሱ ትርፍ የነበራቸው በቁመት ነው፣ እኛ ደግሞ በወርድ። ልማዱ ግን ያው ነው፤ አንዱን እየቀረጹ ሌላውን መጠበቅ።

አሁን ወደ ከተማዋ እንመለስ። 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ፉል ፍሬም ካሜራ ይዛችኋል እንበል። ከተማዋም ከፍሬሙ ወርድ ሁለት ሦስተኛውን፣ ከቁመቱ ደግሞ አንድ አምስተኛውን ትይዛለች እንበል። ሁለት ሦስተኛው 2560 ፒክስል ነው። እምብርቱ 1215 ስለሆነ የከተማዋ ከግማሽ በላይ ተቆርጦ ይወድቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስበው መፍትሔ ካሜራውን በጎኑ ማቆም ነው። በ35ቱ ሌንስ ካሜራውን ስታቆሙት ከተማዋ ጫፍና ጫፏ ለጥቂት ይቆረጣል፤ ወደ 28 ከቀየራችሁ ሙሉዋ ትገባለች። ግን ስክሪኑን ተመልከቱ። ከተማዋ ከቁመቱ አንድ አስረኛ እንኳ የማትሞላ ቀጭን መስመር ሆናለች። ስልክ ላይ ሲታይ መስመሩን የሚያስተውለውም አይኖርም። ገብታለች፣ ግን አትታይም።

እኔ የምመርጠው ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ቁመታሙን ለብቻው ማንሳት ነው፤ ካሜራው በጎኑ ቆሞ፣ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ። በዚህ ጊዜ ሙሉ ከተማዋን የማስገባት ሐሳብ ይቅር። የሚገባው የከተማዋ ወርድ ሲሶ ያህል ነው፤ ከቁመቱ ግን ከሩብ በላይ ይይዛል። ሲሶውን እናንተ ትመርጣላችሁ። እኔ የጃሚዕ መስጊድን ሚናሬቶች እመርጣለሁ፤ ወርዱን ያጣ ፍሬም ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ይፈልጋል። ከሚናሬቶቹ በታች ጣሪያዎቹ ተደራርበው ይመጣሉ፤ ወደ እኛ ያለው ግንብ እንዲገባ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ። ከግንቡ በታች ይህ የቆምንበት ጋራ ቁልቁለት ይመጣል፤ ከከተማዋ በላይ ከኋላዋ ያለው መሬትና ሰማይ። ሰፊው ፍሬም ግንቡን በዙሪያነቱ ያሳያል፣ ይህኛው ደግሞ በድርብነቱ። ሁለቱም «የታጠረች ከተማ» ይላሉ፣ አነጋገራቸው ግን ይለያያል።

ሁለተኛው መንገድ ጊዜ ለሌለው ሰው ነው። ሰፊውን ሾት ትራይፖድ ላይ ምንም ሳታንቀሳቅሱ ትቀርጹና ኤዲቲንግ ላይ ቁመታሙን ፍሬም ከግንቡ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ታስኬዱታላችሁ። ይህ ማጭበርበር ይመስላል፤ አይደለም። ካሜራ ባለበት ቆሞ ሲዞርም ቅርቡና ሩቁ እርስ በርሱ ቦታ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ተመልካቹ ትራይፖዱ ዞረ ወይስ ፍሬሙ ተንሸራተተ ብሎ መለየት ይቸግረዋል። የሚያጋልጣችሁ ፍጥነቱ ነው። አንድ ሚናሬት ከፍሬሙ አንድ ጠርዝ ገብቶ በሌላው እስኪወጣ ሰባት ሰከንድ ያህል ካልፈጀ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጠርዙ እየዘለለ የሚሄድ ይመስላል። በእኛ ምሳሌ ፍሬሙ ከግንቡ ግራ ጫፍ ተነስቶ ቀኝ ጫፍ ለመድረስ የሚጓዘው 1345 ፒክስል ነው። በዚያ ፍጥነት ስምንት ሰከንድ ይሆናል። ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት ሰከንድ ቆሞ የሚታይ ጨምሩበት፤ 12 ሰከንድ። ስለዚህ ሰፊውን ሾት ቢያንስ 15 ሰከንድ ሳትነኩት አስቀጥሉ። አምስት ሰከንድ ቀርጾ መቅጃውን የሚያጠፋ ቀራጭ ለኤዲተሩ ይህን በር ዘግቶበታል።

ትራይፖድ ያልኩትም በምክንያት ነው። በእጅ የተያዘ ካሜራ ትንሽ ሲወዛወዝ ሰፊው ፍሬም ላይ ውዝዋዜው ከወርዱ አንድ መቶኛ ቢሆን፣ እምብርቱ ላይ ያው ውዝዋዜ ከወርዱ ሦስት መቶኛ ይሆናል። ሰፊው ላይ ሕይወት ያለው የሚመስል እጅ ቁመታሙ ላይ የሰከረ ይመስላል።

ከጋራው ወርደን ጀጎል ውስጥ ስንገባ ችግሩ ይገለበጣል። ጠባቡ መንገድ በተፈጥሮው ቁመታም ነው። በግራም በቀኝም ግድግዳ፣ መሃል ላይ የሚመጣ ሰው፣ ከላይ ቁራጭ ሰማይ። ስልኩ ደስ ይለዋል። ሰፊው ፍሬም ግን ሁለት ሦስተኛው ግድግዳ ሆኖ ይቀርና «ይሄ ሁሉ ቦታ ምን ይሠራል?» ያሰኛል። እዚህ የሚያስፈልገው ጠርዞቹን በአግባቡ መሙላት ነው። እምብርቱ ውስጥ የሚመጣውን ሰው አድርጉ። ከዚያ ካሜራውን ወደ አንዱ ግድግዳ አስጠጉት፤ ያ ግድግዳ ቅርብ ሆኖ፣ ኖራ ቅቡና የቀለሙ ንብርብር ጎልቶ፣ ሰፊውን ጎን ይይዛል። ሌላው ጎን ደግሞ በር ወይም ጥላ ይሁን። ለጠርዝ የሚሆን ነገር መለኪያው ቀላል ነው፤ ሲኖር ያምራል፣ ሳይኖር አይጎድልም። የሱቅ ስም፣ ጣቱን የሚቀስር ሰው፣ ምላሽ የሚሰጥ ፊት ለጠርዝ አይሆኑም። እነዚህ ሲቆረጡ የቀረው ሰው ከማን ጋር እንደሚያወራ አይታወቅም።

መኪና ግርግር ላይ ይህ ይፈትናችኋል። ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናው ጩኸት ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይሰፋሉ፣ ገበያተኛው በመሃላቸው ያልፋል። መሃል መንገድ ላይ ቆማችሁ ሁለቱንም ረድፍ ካነሳችሁ ሰፊው ፍሬም ያምራል፤ እምብርቱ ውስጥ ግን አላፊ አግዳሚ ብቻ ነው፣ አንድም ልብስ ሰፊ የለም። ስለዚህ ወደ አንዱ ረድፍ ተጠግታችሁ አንድ ልብስ ሰፊ፣ መኪናውና እጁ፣ እምብርቱ ውስጥ እንዲገቡ አድርጉ። መንገዱና ማዶ ያለው ረድፍ ከኋላውና ከጎኑ ይዘረጋሉ። የተሰቀለው ጨርቅ ጠርዙን ይሞላዋል።

እዚህ ቦታ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መንገዱ ስለሚጠብ እጃችን ወደ 24 ወይም ወደ 20 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይሄዳል። ሰፊ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለውን ይለጥጣል። ሰፊው ፍሬም ላይ ዓይን መሃል ስለሚያርፍ ይቅር ይባላል። ኤዲተሩ ግን «ጠርዝ ላይ ያለው ሰውዬ ጥሩ ነው» ብሎ ቁመታሙን ፍሬም ወደዚያ ሲያስጠጋው ያ የተለጠጠ ፊት ሙሉ ምስል ይሆናል። ጭንቅላቱ እንደ እንቁላል ሞላሎ ሆኖ ወደ ውጭ ያጋደለ መስሎ ካያችሁት ምክንያቱ ይህ ነው፤ ኤዲቲንግ ላይ የሚስተካከለውም በጥቂቱ ነው። ፊት ያለበትን ሾት በ35 ወይም በ50 አንሱ፤ ቦታ ከጠበባችሁ አንድ ደጃፍ ውስጥ ግቡና አፈግፍጉ።

የጌ ጋሩ፣ የአደሬው ቤት ውስጥ፣ ብዙ አይከብድም። መደቦቹ ፊት ለፊት ናቸው፣ ግድግዳው ላይ ሰሐኑና ስፌቱ ተደርድሯል። ካሬው እዚያ ይነግሣል፤ ሁለቱ ይከተሉታል።

የሚከብደው ማታ ነው። ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ለማንሳት ስትሄዱ የምታዩት ነገር ፍጹም አግድም ነው። ሰውዬው በአንድ ወገን፣ ጅቡ በሌላ ወገን፣ በመሃላቸው ሥጋ የተንጠለጠለበት እንጨት። ሁላችንም ከጎን እናነሳዋለን፤ በሰፊው ፍሬም የሰውና የአውሬው ርቀት ራሱ ታሪኩ ነው። አሁን እምብርቱን ተመልከቱ። ሰውዬው ተቆርጧል፣ ጅቡ ተቆርጧል፣ የቀረው አየር ላይ የተንሳፈፈ እንጨት ነው። ካሬው እንኳ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ፊት ነው የሚያገኘው።

መድኃኒቱ ሌንስ መቀየር አይደለም፤ እግር ማንሳት ነው። ከጎን ተነሱና በሰውዬው ትከሻ ጀርባ ቁሙ፤ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ እሱ ባሳያችሁ ቦታ። አሁን ያ ከግራ ወደ ቀኝ የነበረው መስመር ከካሜራው ወደ ውስጥ የሚሄድ መስመር ሆነ። ትከሻው ቅርብ፣ እንጨቱ መሃል፣ የጅቡ ፊት ሩቅ፣ ሦስቱም እምብርቱ ውስጥ ተደራርበው ይገባሉ። ጠርዞቹ ጨለማ ናቸው፤ ሰፊው ፍሬም ያንን ጨለማ ይወደዋል፣ ሌሎች ጅቦች ገባ ወጣ ሲሉም በዚያ ይታያሉ። ከአንድ ቀረጻ ሦስቱም ወጡ።

ዋጋው ግን አለ። ያለው ብርሃን የመኪና መብራት ወይም ባትሪ ስለሆነ የሌንሱን ቀዳዳ ከፍታችሁ ነው የምትቀርጹት፤ ስለዚህ ትከሻውና የጅቡ ፊት አብረው አይጠሩም። ፎከሱ የጅቡ ዓይን ላይ ይሁን፣ ትከሻው ይደብዝዝ። ሌላው የባሰ ነው፤ የሰውዬው ፊት አይታይም። ጅብ ፊት ለፊቱ አፉን ሲከፍት የማይደነግጠውን ያን ፊት ያጣ ፊልም ደግሞ ጎዶሎ ነው። ደግነቱ ምግቡ ተደጋጋሚ ነው፤ ጅቡ ወስዶ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ሌላው ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ከትከሻው ጀርባ አንሱ፣ ከዚያ ራቅ ብላችሁ በረጅም ሌንስ ከፊት ሰያፍ ሆናችሁ ፊቱን ለብቻው አንሱ። ሁለቱን ኤዲቲንግ ያገናኛቸዋል። ከጎን የሚነሳውን ሰፊ ሾት ከወደዳችሁት አንሱት፣ ግን ሎጉ ላይ «ለሰፊው ብቻ» ብላችሁ ጻፉ።

ይህቺ «ይደገማል» የምትለዋ ነገር ሠርግ ለምትቀርጹት ወንድሞችና እህቶች ትልቅ ጉዳይ ናት። ቀለበቱ አንድ ጊዜ ነው የሚገባው። የማይደገም ነገር ላይ ሁልጊዜ ለእምብርቱ ፍረዱ፤ ሰፊው ፍሬም ትንሽ ቢሰለች ይሻላል።

ስለ ጽሑፍ አንድ ነገር ልጨምር። ቁመታሙ ፍሬም ስልክ ላይ ሲወጣ የታችኛው አንድ አምስተኛ ያህል በስምና በመግለጫ ይሸፈናል፣ ቀኝ ጠርዙ በልብና በአስተያየት ምልክቶች። ስለዚህ እምብርቱ ወደ ታች ሙሉ አይደለም፤ እጅ ላይ ያለ ሥራ፣ ሰሐን ላይ ያለ ምግብ ከታች ጠርዝ ላይ አታስቀምጡ። ቀረጻው ላይ ጽሑፍ አትጋግሩ፤ ስምና ርዕስ ለየፍሬሙ ለብቻው ይሠራ። ሰፊው ላይ ግራ ታች የተጻፈ ስም እምብርቱ ሲቆረጥ ግማሹ ይጠፋል።

አሁን ካሜራችሁን አውጡ። ወደ ሰሜን ስለምንመለከት የጧት ፀሐይ በቀኛችን በኩል ናት፤ ጣሪያና ግድግዳ የሚለያየው በዚህ የጎን ብርሃን ነው። ቅድሚያ የምትሰጡት ለ85ቱ ቁመታም ሾት ነው። ረጅም ሌንስ በእኛና በከተማዋ መካከል ያለውን አየር ሁሉ ይሰበስባል፤ መሬቱ ሲሞቅ ሚናሬቶቹ እንደ ውኃ መርገብገብ ይጀምራሉ፣ ያኔ ሾቱ ለዛሬ አለቀ ማለት ነው። ሰፊው እስከ ረፋድ ይታገሳል። እሱን ለኋላ አቆዩት፣ 15 ሰከንዱን አትርሱ፣ ፕላስተሩ ከተላቀቀባችሁ ደግሞ እኔ ጋ ትርፍ አለ።